በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ «ትርጉም የለሽ» ተብሎ እየተጣለ ነው፤ በትክክል እንዴት ይነበባል?

ማለዳ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት ያሉ እህቶቻችን የሚልኩትን መልእክት ተቀብሎ ለሚመለከተው ክፍል በሚያደርስ የበጎ ፈቃድ ቡድን ውስጥ አገለግላለሁ። የሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ በኮምፒውተር ማጣሪያ ያልፋል። ማጣሪያው በግዕዝ ፊደል የተጻፈውን ወደ አማርኛ አንባቢዎች፣ ዐረብኛውን ወደ ዐረብኛ አንባቢዎች ይመራል። የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ያልለየውን ደግሞ «ትርጉም የሌለው» ወደሚል ሳጥን ይጥለዋል። ያንን ሳጥን ከፍቼ ሳየው አብዛኛው በእርግጥም የማይረባ ማስታወቂያ ነው። በመካከሉ ግን አማርኛ ተቀብሮ አገኘሁ። አንዱን እነሆ፤ ማንነቷን የሚገልጸውን አውጥቼ፣ ፊደሉን ግን ሳልነካ ነው የማቀርበው።

```
slm ehte ene dna ngn gn dmoz 3 wer alkefelugnm
passport madam gar nw
tlant slk eyaweraw metachbgn
kezi bewala slk atfche nw ymwlew
mata 4 seat dewyln ke eza befit atdewy
wendme endaysema
```

የተላከው 966 ብሎ ከሚጀምር ስልክ ነው፤ ስለዚህ ሳዑዲ ነው ያለችው። አብዛኛውን አንብቤዋለሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ ግን ቆሜአለሁ፤ የአምስተኛው መስመር ሰዓትም አከራክሮናል። ከእኔ ጋር የሚሠሩት ልጆች አማርኛ በሚገባ ያውቃሉ፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያዩ ግን አንዱ አንድ ነገር፣ ሌላው ሌላ ነገር ያነባል። በግምት ሳይሆን በዘዴ የሚነበብበት መንገድ ካለ አሳዩን።

ቁም_ጸሐፊ

ይህ ሁሉ ችግር የሚመጣው ሰው በራሱ ፊደል አልጽፍም ስላለ ነው። ዛሬ በማንኛውም ስልክ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ መጫን ይቻላል። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ቋንቋ የሚለውን ከፍተሽ አማርኛን ማከል ብቻ ነው። ፊደላችን እያለ በሰው ፊደል መጻፍ ያሳዝናል።

ማለዳ

ቁም_ጸሐፊ፣ ምክርህን አከብራለሁ፤ የጠየቅሁት ግን ሌላ ነው። የጻፈችው እኔ አይደለሁም። መልእክቱ ተጽፎ መጥቷል፤ እኔ የቀረኝ ማንበብ ነው።

የሪያድ_እንግዳ

እኔ ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት ሠርቼ የተመለስኩ ነኝ፤ ለምን በላቲን እንደምትጽፍ ልንገርህ ቁም_ጸሐፊ። የመጀመሪያው ስልኬ ከፊሊፒናዊት ሠራተኛ የተገዛ አሮጌ ስልክ ነበር፤ አማርኛ ቢላክልኝ ባዶ ሣጥን ሣጥን ብቻ ነበር የሚያሳየኝ። በኋላ ጥሩ ስልክ ሳገኝም ጣቴ የለመደው ላቲኑን ስለሆነ በዚያው ቀጠልኩ። ደግሞም እንዲህ ያለ መልእክት የሚጻፈው መታጠቢያ ቤት ተገብቶ፣ የእግር ኮቴ እየተሰማ ነው። ሳድሱን ሁሉ እየዘለለች የጻፈችው ሰንፋ አይደለም፤ ጊዜ የላትም። አንድ ነገር ልብ በይ ማለዳ፦ «ene dna ngn» ያለችው ሰላምታ ነው። ሁላችንም እንዲያ ብለን ነው የምንጀምረው፤ ደህና ናት ብላችሁ እንዳትመዘግቡ።

ሠንጠረዥ

ይህ በጣም ቀላል ነው፤ ሰው እንኳን አያስፈልገውም። ከፊደል ወደ ፊደል የሚቀይር ሠንጠረዥ ሥሩና ኮምፒውተሩ ይቀይረው። በአውሮፓውያን 1990ዎቹ የተዘጋጀው `SERA` የሚባለው አጻጻፍ ይህን አስቀድሞ ፈትቶታል፦ `t` ተ ነው፣ `T` ጠ ነው፣ `k` ከ፣ `q` ቀ፣ `n` ነ፣ `N` ኘ። አናባቢ ያልተከተለው ሁሉ ሳድስ ይሆናል። `slk` ብትሰጠው «ስልክ» ብሎ ይመልስልሻል፤ ሞክሪው።

ጋሼ_ተርጓሚ

ወንድሜ ሠንጠረዥ፣ `slk` ላይ ልክ ነህ፤ `gn` ብትሰጠውም «ግን» ይልሃል። ግን ያንኑ ሠንጠረዥ ከመልእክቱ ላይ `ngn` ስጠው። «ንግን» ይልሃል፤ እርሷ ያለችው «ነኝ» ነው። `nw` ስጠው፣ «ንው» ይልሃል። ሌላም አለ። የስልክ ቁልፍ ሰሌዳ የዓረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ ፊደል በራሱ ትልቅ ያደርገዋል። ሰው `selam` ብሎ ሲጀምር ስልኩ `Selam` ያደርግበታል፤ በ`SERA` ደግሞ ትልቁ `S` ጸ ነው፤ ስለዚህ ሰላምታው «ጸላም» ሆኖ ይወጣል። ሥርዓቱ የተሠራው ሥርዓቱን አውቆ ለሚጽፍ ሰው ነው። ይህች ልጅ ግን የምትጽፈው ጆሮዋ እንደሰማው ነው፤ አንዱን ቃል ዛሬ በአንድ መንገድ፣ ነገ በሌላ መንገድ ትጽፈዋለች።

እኔ ለረጅም ዓመታት በአስተርጓሚነት ስሠራ የታተሙ የስልክ መልእክቶች ብዙ ጊዜ ቀርበውልኛል። እህቴ ማለዳ፣ ዘዴ ላልሽው የምከተለውን ልንገርሽ። ቃሉን ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው ጀምሬ ነው የማነበው። የአማርኛ ግስ ማን፣ ማንን፣ ለማን የሚለውን የሚሸከመው በጅራቱ ነው። ሰው በችኮላ ሲጽፍም መሃሉን ይበላዋል እንጂ ጅራቱን ብዙ ጊዜ አይተወውም።

`alkefelugnm` የሚለውን ውሰጂ። መጨረሻ ላይ `m` አለ፤ መጀመሪያ ላይ `al` አለ። እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ አሉታ ናቸው፤ «አል…ም»። ከ`m` በፊት `gn` አለ፤ በግስ መጨረሻ ከሆነ «ኝ» ነው፤ ስለዚህ ነገሩ የደረሰው በእርሷ ላይ ነው። ከዚያ በፊት `u` አለ፤ አድራጊዎቹ «እነርሱ» ናቸው። ይህን ሁሉ ከለየሽ በኋላ መሃሉ ላይ የሚቀረው `kefel` ብቻ ነው፤ እርሱንም «ደመወዝ» የሚለው ጎረቤቱ ይነግርሻል። አልከፈሉኝም። ከፊት ብትጀምሪ ኖሮ «አልቀ…» ነው ወይስ «አልከ…» ነው እያልሽ በመጀመሪያው ፊደል ላይ ትቆሚ ነበር፤ ምክንያቱም `k` ለከም ለቀም ያገለግላል።

እንግዲህ `gn` በዚህ መልእክት ሁለት ሥራ እንደያዘ አስተውዪ። «ngn gn» ብላ ሁለቱን አጎራብታ ጽፋቸዋለች፤ የመጀመሪያው «ነኝ»፣ ሁለተኛው «ግን» ነው። ብቻውን ከቆመ «ግን»፣ በግስ ጅራት ከሆነ «ኝ» ብለሽ ብታነቢ እምብዛም አትሳሳቺም። ነገር ግን «ኝ» ሁልጊዜ `gn` ተብሎ አይመጣም። `dewyln` ላይ `g` ወድቆ `n` ብቻ ቀርቷል። «ደውይልን» ነው እንዳትዪ፤ ሌላው ሁሉ በአንድ ሰው አፍ የተነገረ ስለሆነ «ደውይልኝ» ነው። እዚያው ላይ ያለችው `y` ደግሞ ትልቅ ነገር ትነግርሻለች፤ የምትጽፈው ለሴት ነው። ለወንድ ቢሆን «ደውልልኝ» ስለሚሆን `dewllgn` ወይም `dewlilgn` ብላ ትጽፍ ነበር።

ስለ `e` ደግሞ። ሰባት አናባቢ ያለውን ቋንቋ በአምስት የላቲን አናባቢ ስንጽፍ ትልቁ ሸክም የሚወድቀው በ`e` ላይ ነው። `seat` ውስጥ ግዕዝ ነው፣ ሰ። `ehte` ውስጥ ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ መጀመሪያው «እ» ነው፣ መጨረሻው ኃምስ ነው፣ «ቴ»። ስለዚህ `e` በቃል መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ቀድመሽ «እ» ብለሽ ሞክሪ፤ በስም መጨረሻ ሲመጣ ቀድመሽ «የእኔ» የሚለውን ኃምስ ሞክሪ። `wendme` «ወንድሜ» የሆነው በዚሁ ነው።

የሚቀረው የ`w` ነገር ነው። በንግግር «እሄዳለሁ» ስንል መጨረሻው ወደ «ው» ስለሚጠጋ ብዙ ሰው `ehedalew` ብሎ ይጽፈዋል። `eyaweraw` ያለችው «እያወራሁ» ነው። በተለይ `alew` ብቻውን ከመጣልሽ ተጠንቀቂ፤ «አለሁ» ሊሆን ይችላል፣ «አለው» ሊሆን ይችላል። «እዚህ አለሁ» እና «እርሱ ገንዘብ አለው» በላቲኑ አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለያቸው በዙሪያው ያለው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ሠንጠረዥ

ጋሼ፣ የትልቁን `S` ነገር አላሰብኩትም ነበር። ቢሆንም ሠንጠረዡ አንድ መልስ ብቻ ከሚሰጥ የሚቻሉትን ሁሉ ቢያወጣና ሰው ቢመርጥስ?

ጋሼ_ተርጓሚ

ለአንድ ቃል ይሠራል። ለ`metachbgn` ግን ያወጣልህና የሚመርጠው ሰው አሁን ማለዳ በቆመችበት ቦታ ይቆማል።

እውነቱ_ይነገር

ሦስተኛው መስመር ምን ያከራክራል? «ትላንት ስልክ እያወራሁ መታችኝ» ነው ያለችው። ልጅቷ ተደብድባለች! ይህን እያያችሁ ስለ ፊደል ትወያያላችሁ? ቀጥታ ለኤምባሲና ለፖሊስ ነው መደወል ያለባችሁ።

ጋሼ_ተርጓሚ

የተቆጣህበት ምክንያት ይገባኛል፤ ነገር ግን ያልተጻፈ አታንብብ። በላቲን ሲጻፍ «መጣ» እና «መታ» ሁለቱም `meta` ናቸው። ጠ እና ተ በአንድ `t` ስለሚጻፉ ፊደሉን ብቻ አይተህ ልትለያቸው አትችልም። እዚህ ግን ጅራቱን ተመልከት፤ `bgn` ነው፣ «ብኝ»። ሰው ራሱ ሲመታ «መታችኝ» ይላል። «መታችብኝ» የሚባለው የእኔ የሆነ ሌላ ነገር ሲመታ ነው፤ «ልጄን መታችብኝ» እንደሚባለው። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ግን ሌላ የተመታ የለም። «መጣችብኝ» ግን ልክ ይገጥማል፤ በስልክ እያወራሁ ሳላስበው ደረሰችብኝ ማለት ነው። የሚቀጥለው መስመርም ይህንኑ ይከተላል፦ «ከዚህ በኋላ ስልክ አጥፍቼ ነው የምውለው»። ተይዛለች፤ ስለዚህ ስልኳን እያጠፋች ትውላለች።

የሪያድ_እንግዳ

ጋሼ፣ ያሉትን አልቃወምም፤ ግን አንድ ነገር ልጨምር። በስልክ ሰሌዳ ላይ `b` ከ`n` ጎን ናት፤ `g` ደግሞ ከ`b` በላይ ናት። በችኮላ `metachgn` ልትል ብላ ጣቷ `b` ነክቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ በመዳፌ ሸፍኜ ስጽፍ ያልፈለግሁት ፊደል ብዙ ጊዜ ይገባብኝ ነበር። «መታችኝ» ልትል ፈልጋ ከሆነስ?

ጋሼ_ተርጓሚ

ልክ ነሽ እህቴ፤ ያንን ከወረቀቱ ላይ ማጥራት አይቻልም። አብዛኛውን ቃል በትክክል ስለጻፈች እዚህም አልተሳሳተችም ማለት አይደለም። እኔ ብተረጉመው «መጣችብኝ» ብዬ አስቀምጥና ከጎኑ «መታችኝ ለማለትም ይሆናል» ብዬ እጽፋለሁ። ሁለተኛውን ንባብ ሰርዤ አንዱን ብቻ አላስረክብም። ሲደወልላት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ መሆን አለበት፤ ጥያቄውም «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ብላ የምትመልሰው ይሁን።

እውነቱ_ይነገር

በዚህ እስማማለሁ። እኔ ግን አሁንም መዝገቡ ላይ አስቸኳይ ተብሎ እንዲገባ እፈልጋለሁ። ተመታችም አልተመታችም የሦስት ወር ደመወዟና ፓስፖርቷ በሰው እጅ ነው።

የሸማ_ሱቅ

የእኔ ጉዳይ ገንዘብ ነው፤ ከእናንተ ጋር አይወዳደርም። ግን ማጣሪያውን ለምታስተካክሉ ሰዎች ይጠቅም ይሆናል። የሐበሻ ልብስ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ውጭ አገር ያለው ሸሪኬ አማርኛ አያውቅም፤ ትዕዛዝ የሚቀበለው ግን እርሱ ነው። አንዲት ደንበኛ ፎቶ ልካ ከሥሩ እንዲህ አለች።

```
sent new
```

ሸሪኬ እንግሊዝኛ መስሎት «አዲሱ ተልኳል» ብሎ ተረዳውና ዝም አለ። እርሷ «ስንት ነው?» ብላ ዋጋ ነበር የጠየቀችው። ከዚያ በኋላ አስተዋልኩ፤ `man new` ማን ነው፣ `yet new` የት ነው፣ `bet` ቤት፣ `beg` በግ፣ `sew` ሰው፤ ሁሉም እንግሊዝኛ ቃል ይመስላሉ። የመተርጎሚያ ፕሮግራሞችም እንግሊዝኛ ብለው ያልፏቸዋል። ስለዚህ ትርጉም የለሽ የተባለውን ሳጥን ብቻ አትፈትሹ፤ እንግሊዝኛ ተብሎ የተመደበውንም እዩት።

ማለዳ

የሸማ ሱቅ፣ ይህን ጭራሽ አላሰብንበትም ነበር፤ ዛሬውኑ እናየዋለን። ስለ ሰዓቱስ ምን ትላላችሁ? አንዷ ባልደረባችን «ሳዑዲ ያሉት በአገሩ ሰዓት ነው የሚቆጥሩት፤ 4 ሰዓት ማለት ከቀትር በኋላ 4 ነው» ትላለች።

የሪያድ_እንግዳ

ብዙዎቻችን ከማዳም ጋር ስንነጋገር በእነርሱ ሰዓት፣ ከሐበሻ ጋር ስንነጋገር በእኛ ሰዓት ነበር የምንቆጥረው። እዚህ ደግሞ «mata» ብላለች። ከቀትር በኋላ 4 የሚሆነው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ነው፤ ያ ገና ቀን ስለሆነ ማንም «ማታ» አይለውም። ማታ 4 ሰዓት በእነርሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 10 ነው። ቤቱ ተኝቶ፣ ወጥ ቤቱ ተጠራርጎ፣ ልጅቷ ክፍሏ የምትገባበት ሰዓት ነው። «ከዚያ በፊት አትደውይ» ያለችውም ለዚህ ነው፤ ቀድማችሁ ብትደውሉ ስልኩ ሰው ፊት ይጮህባታል።

ጋሼ_ተርጓሚ

ትክክል ነው። ሳዑዲና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስለሆኑ መቀናነስ የለበትም። ከ971 ማለትም ከኤምሬትስ የመጣ መልእክት ቢሆን ግን አንድ ሰዓት ይበልጣል፤ እዚያ ቁጥሩን ከመመዝገባችሁ በፊት በየትኛው አገር ሰዓት እንደተነገረ ጠይቁ። በሚተረጎመው ወረቀት ላይም «4» ብላችሁ አትተዉት፤ «በሳዑዲ ሰዓት ከምሽቱ 10፡00» ብላችሁ ጻፉት። ደዋዩ አማርኛ የማያውቅ ሰው ከሆነ 4ን በራሱ መንገድ ነው የሚረዳው።

ሠንጠረዥ

የፊደል መቀየሪያውን ሐሳብ ትቼዋለሁ፤ የጋሼን የጅራት ነገር ግን ለማጣሪያው ተጠቅሜበታለሁ። መልእክቱን እንዲተረጉም ሳይሆን «ይህ አማርኛ ሊሆን ይችላል፣ ሰው ይየው» እንዲል ብቻ ነው። ይህን በሁለቱም ሳጥን ላይ አስኪጂው።

```
\b(nw|ngn|negn|nesh|dewy\w*|al\w+m|\w+bgn|\w+lgn|\w+gnal|ey\w+w)\b
```

የአንቺ መልእክት ላይ ስድስት የተለያዩ ቃላት ይይዛል። ግን አንድ ቃል ስለያዘ ብቻ አትመኑት፤ `al\w+m` የሚለው `album` እና `alarm` የሚሉትን እንግሊዝኛዎችም ይይዛቸዋል። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ቃላት ሲያገኝ ብቻ ወደ አማርኛ አንባቢ ይላክ። `new` የሚለውን ሆን ብዬ አላስገባሁትም፤ ካስገባነው የእንግሊዝኛው ሁሉ ይጎርፋል።

የሸማ_ሱቅ

እንግዲያውስ `sent new` ብቻ ብሎ የሚመጣ አጭር መልእክት በዚህ አይያዝም ማለት ነው?

ሠንጠረዥ

አይያዝም። ሁለት ቃል ብቻ ለሆነ መልእክት መፍትሔ የለኝም። ላኪው ከዚህ በፊት የጻፈው ካለ እርሱን አብሮ ማየት ይረዳ ይሆናል።

ከጅማ

ለማለዳ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከኢትዮጵያውያን በላቲን የመጣ ሁሉ አማርኛ አይደለም። አፋን ኦሮሞ መደበኛ አጻጻፉ በላቲን ነው፤ በቁቤ። «akkam jirta» ወይም «galatoomi» ብላ የጻፈች ልጅ በራሷ ቋንቋ በትክክል ነው የጻፈችው፤ እንደ አማርኛ ልፍታው ብትዪ ከንቱ ነው የምትደክሚው። አናባቢው `aa`፣ `oo`፣ `ii` እየተባለ ሲደራረብ፣ `dh` እና `q` ሲበዙ ካየሽ ወደ ኦሮምኛ አንባቢ ምሪው። ትግርኛም አለ፤ `kemey aleki` ብሎ የሚጀምር ከመጣ እኛ የምናነበው አይደለም።

ማለዳ

አመሰግናለሁ ከጅማ። አሁን ሳጥኑን እንደገና ሳየው እንዲህ ያለ አንድ መልእክት አለ፤ አማርኛ ነው ብለን ስንታገልበት ነበር። ኦሮምኛ ለሚያነቡ እልከዋለሁ።

የመጀመሪያውን መልእክት ደግሞ እንዲህ አድርጌ አስገብቼዋለሁ፦ «ሰላም እህቴ፤ እኔ ደህና ነኝ [ሰላምታ]፤ ግን ደመወዝ 3 ወር አልከፈሉኝም። ፓስፖርት ማዳም ጋር ነው። ትላንት ስልክ እያወራሁ መጣችብኝ [«መታችኝ» ለማለትም ሊሆን ይችላል፤ ይጠየቅ]። ከዚህ በኋላ ስልክ አጥፍቼ ነው የምውለው። ማታ 4 ሰዓት [በሳዑዲ ሰዓት ከምሽቱ 10፡00] ደውይልኝ፤ ከዚያ በፊት አትደውይ። ወንድሜ እንዳይሰማ።» አስቸኳይ የሚለውም ተጽፎበታል። የምትደውለው ሴት ናት።

የሪያድ_እንግዳ

ማለዳ፣ የመጨረሻውን መስመርም በቅንፍ አስምሪበት። «ወንድሜ እንዳይሰማ» ያለችው ምናልባት የላካት እርሱ ስለሆነ ይሆናል፤ ምናልባትም እንዳይጨነቅ ብላ ይሆናል። የትኛውም ይሁን፣ በመዝገባችሁ ላይ የቅርብ ቤተሰብ ተብሎ የተሞላው የእርሱ ስልክ ከሆነ ማንም እንዳይደውልለት አሁኑኑ ምልክት አድርጉበት።

ማለዳ

አሁን አየሁት፤ የተሞላው የወንድሟ ስልክ ነው። ምልክት አድርጌበታለሁ።